«መልካም የጡረታ ዘመን» ከተባለ በኋላ ምን ይጻፋል?

የሽኝት ካርድ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሲዞር አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? አንድ ሰው በአንድ እጁ ካርዱን፣ በሌላ እጁ የገንዘብ መዋጮ የሚመዘገብበትን ወረቀት ይዞ ይመጣል። «ቶሎ በሉ፣ ደወል ሊደወል ነው» ይላል። ግማሹ ሰው ቆሞ ይጽፋል፣ ግማሹ የተማሪ ደብተር ደረቱ ላይ አቅፎ ይፈርማል። ካርዱ ከፊታችሁ ሲደርስ ታዲያ ቀና ብላችሁ የምታስቡት አንድ ነገር ነው፤ «ሁሉም ነገር እኮ ተብሎ አልቋል!»

እኔ ጎጃም በረንዳ አካባቢ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። በቅርቡ አንድ የሒሳብ መምህራችን 60 ዓመት ሞላቸውና ጡረታ ወጡ። እኛ «ጋሼ» ነው የምንላቸው፣ እዚህም እንደዚያው ልበላቸው። ለእሳቸው የተዘጋጀው ካርድ እኔ ጋ ሲደርስ 29 ሰው ጽፎበት ነበር። ከዚያ በኋላ ያሰብኩትን፣ የሞከርኩትንና የተማርኩትን ልንገራችሁ። የብዙዎቻችሁ ችግር እንደሆነ አውቃለሁ፣ ምክንያቱም አማርኛ አስተማሪ ስለሆንኩ ብቻ «እስቲ ምን ልበል?» እያላችሁ የምትመጡት እኔ ጋ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን። መደጋገም ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም። ለቅሶ ቤት ገብቶ «እግዜር ያጥናችሁ» የሚል ሰው አዲስ ነገር እንዲናገር ማንም አይጠብቅበትም። መቶ ሰው ያንኑ ቃል ቢል መቶውም ይጠቅማል፤ እንዲያውም አዲስ ነገር ልናገር ብሎ የሚፈላሰፍ ሰው ነው የሚያሳፍረው። በዓልም እንደዚያው ነው። «እንኳን አደረሰህ» ስንባል «እንኳን አብሮ አደረሰን» እንላለን፣ አለቀ። ሀገራችን ቋሚ ቃል ያላት ሀገር ናት። የድሮ ደብዳቤዎቻችን ራሳቸው ሲጀምሩ ጤና ጠይቀው፣ «እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» ብለው፣ ከዚያ ነበር ወደ ጉዳዩ የሚገቡት።

ታዲያ ካርድ ላይ ሲሆን መደጋገሙ ለምን ይደብራል? እኔ እንደገባኝ ልዩነቱ ይሄ ነው። ለቅሶ ቤት «እግዜር ያጥናችሁ» ስትል ፊትህ አለ፣ ድምፅህ አለ፣ ከየት ድረስ እንደመጣህ ይታያል፣ አጠገባቸው ትቀመጣለህ። ቃሉ አንድ ቢሆንም ሰውዬው ግን ሌላ ነው። ካርድ ላይ ሲሆን ይሄ ሁሉ ይቀርና ቃሉ ብቻውን ይሄዳል። ጋሼ ቤታቸው ቁጭ ብለው መነጽራቸውን አድርገው ሲያነቡት አርባ ሰው ሳይሆን አንድ ዓረፍተ ነገር አርባ ጊዜ ያገኛሉ። ከአምስተኛው በኋላ መልእክቱን መዝለልና ስሙን ብቻ ማየት ይጀምራሉ። በነሱ ቦታ ብንሆን እኛም እንደዚያው ነው የምናደርገው።

መደጋገሙ ደግሞ ከየት እንደሚመጣ እኛ አስተማሪዎች ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ኩረጃ ነው! የኛ ካርድ ላይ መሃል አናት ላይ የጻፉት ርዕሰ መምህሩ ናቸው። እሳቸው ትምህርት ቤቱን ወክለው ስለሆነ «ላበረከቱት አስተዋጽኦ እናመሰግናለን፣ መልካም የጡረታ ዘመን» ማለታቸው ተገቢ ነው። ከእሳቸው ሥር የጻፈው ሰው ቸኩሎ ነበርና ያንኑ ወሰደ። በመቸኮሉም «ጡረታ» የሚለውን «ጡርታ» ብሎ ጻፈው። ከሱ ቀጥሎ ያሉት ሁለት ሰዎችም «ጡርታ» ብለዋል። ፈተና ስናርም ሁለት ተማሪ መኮራረጁን የምናውቀው በትክክለኛው መልስ አይደለም፣ በአንድ ዓይነት ስህተት ነው። ካርዱን ሳየው ቀይ እስክሪብቶ ማንሳት ነበር ያማረኝ።

ይሄ በጎልማሶች ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። «አውቶግራፍ» የምትባለዋን ደብተር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ትምህርት ሲያልቅ ጓደኛ ለጓደኛ እየሰጠ የሚያስሞላት፣ ስም፣ የምትወደው ምግብ፣ የምትወደው ቀለም፣ ከዚያ «ማስታወሻ» የሚል ባዶ ቦታ ያላት። እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ሁላችንም «አትርሳኝ» ብለን ጽፈናል። ዛሬ ደግሞ ልጆቹ የመጨረሻ ፈተና ሲጨርሱ ዩኒፎርማቸው ላይ በማርከር ይጻጻፋሉ፤ እዚያም የሚበዛው «አትርሳኝ» ነው። የኔ አውቶግራፍ እናቴ ቤት አሁንም አለ። ሳገላብጠው «አትርሳኝ» ካሉኝ ውስጥ አብዛኞቹን ረስቻቸዋለሁ። አንዱ ግን «ቂጣህን ሁልጊዜ ከትልቁ በኩል ነበር የምትቆርስልኝ» ብሎ ጽፏል። እሱን ፊቱን፣ የተቀመጠበትን ዴስክ፣ ሁሉንም አስታውሳለሁ። አትርሳኝ አላለም እኮ።

ወደ ጋሼ ካርድ ልመለስ። የመጀመሪያ ሥራዬ ካርዱን የያዘውን ልጅ «እባክህ መጨረሻ ላይ አምጣልኝ፣ አሁን ግን ላንብበው» ማለት ነበር። ሁለት ደቂቃ ነው የፈጀብኝ። ሃያ ዘጠኙን መልእክቶች አንብቤ በአእምሮዬ መደብኳቸው። በጣም ብዙ ቢመስሉም አራት ሳጥን ውስጥ ገቡ። አንደኛው ምኞት ነው፤ መልካም የጡረታ ዘመን፣ መልካም ዕረፍት። ሁለተኛው ምርቃት ነው፤ ረጅም ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ሦስተኛው ባሕርይ ነው፤ ታታሪ፣ ቅን፣ ትሁት፣ እንደ አባት። አራተኛው ቃል መግባት ነው፤ መቼም አንረሳዎትም፣ ሁሌም በልባችን ነዎት። ከነዚህ አራት ሳጥኖች የወጣው መልእክት ሁለት ብቻ ነበር። በሁለቱም ውስጥ ጋሼ አንድ ነገር ሲያደርጉ ይታያሉ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። አራቱ ሳጥኖች ውስጥ ያለው ሁሉ ወይ ስለወደፊቱ ነው ወይ ቅጽል ነው። «ታታሪ» ቅጽል ነው፣ «ቅን» ቅጽል ነው። ቅጽል ለሁሉም ይሆናል፤ ከገበያ እንደተገዛ ነጠላ ማንም ትከሻ ላይ ያርፋል። ግሥ ግን ባለቤት ይፈልጋል። «አንኳኩተው ገቡ»፣ «ቆርሰው ሰጡኝ»፣ «ቆመው ጠበቁ» ስትል ማን፣ መቼ፣ የት የሚል ጥያቄ አብሮ ይመጣል። ያ ጥያቄ የሚመልሰው ነገር ነው ሌላ ሰው ያልጻፈው።

መርካቶ ለምናድር ሰዎች ይሄ አዲስ ትምህርት አይደለም። አንድ ተራ ውስጥ ስንት ሱቅ አንድ ዓይነት ዕቃ ደርድሮ ይሸጣል? ሁሉም «ጥሩ ዕቃ አለ፣ ግቡ» ይላል። ሁሉም ስለሚለው ማንም አይሰማውም። ደንበኛ የሚይዘው ነጋዴ «እሜቴ፣ ያ ባለፈው የወሰዱት መጋረጃ ለመስኮቱ በቃ ወይስ አጠረ?» የሚለው ነው። ዕቃው ያው ነው፣ ዋጋውም ያው ነው። ሴትየዋን ግን አውቋታል።

ስለዚህ ለራሴ ሁለት ጥያቄ ያለው አጭር ፈተና አወጣሁ። መልእክቱን ጽፌ ስጨርስ የጋሼን ስም አጥፍቼ የሌላ ጡረተኛ ስም አስገባለሁ። ዓረፍተ ነገሩ አሁንም ልክ ሆኖ ከተነበበ የጋሼ አይደለም። ቀጥሎ የኔን ፊርማ አጥፍቼ የሌላ መምህር ፊርማ አስገባለሁ። አሁንም ልክ ከሆነ የኔ አይደለም። ሁለቱንም የሚያልፍ መልእክት ሊደገም አይችልም፣ የፈለገው ሰው ይምጣ። «ለሠላሳ ዓመት ትውልድ ቀርጸዋል» የሚለው የመጀመሪያውን ይወድቃል። «በዓል ሲደርስ ለሁላችንም ቡና ያስፈሉ ነበር» የሚለው የመጀመሪያውን ያልፍና ሁለተኛውን ይወድቃል፣ ምክንያቱም ሁላችንም አይተናል፤ እንዲያውም አንዷ ጽፋዋለች።

ሁለተኛው ጥያቄ ነው ከባዱ። እኔ ብቻ ያየሁት ምንድን ነው? ይሄን «ጋሼ ምን ዓይነት ሰው ናቸው?» ብሎ መጠየቅ አይመልሰውም። ያ ጥያቄ ተመልሶ ወደ ቅጽል ይወስዳል። የሚመልሰው «እኔ የት ነበር የምቆመው? ከዚያ ቦታ ምን ይታይ ነበር?» የሚለው ነው። ሁሉም የሥራ ባልደረባ የራሱ መስኮት አለው። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ውጤት አስረክበው ሲፈርሙ ታያለች። ጥበቃው ጠዋት ስንት ሰዓት እንደሚገቡ ያውቃል። አብሯቸው ፈተና የፈተነው ሰው ፈተና ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚሄዱ ያውቃል። የኔ መስኮት ደግሞ ግድግዳ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ወደዚህ ትምህርት ቤት የመጣሁት በዲፕሎማ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ላይ በዲፕሎማ ማስተማር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዲግሪ ባላቸው መሃል ስትቀመጥ ማንም ምንም ሳይልህ ራስህ ትሰማዋለህ። የተሰጠኝ የ9ኛ ክፍል ክፍል ከጋሼ ክፍል ጋር የሚለየው በቺፑድ ብቻ ነበር። ውጪው እንደምታውቁት መርካቶ ነው፤ የጭነት መኪና ጥሩንባ አለ፣ ተሸካሚው «ዞር በል! ዞር በል!» ይላል። በዚያ ላይ የኔ ልጆች ጫጫታ ሲጨመር በቺፑዱ በኩል ጋሼ የሚያስተምሩት ሒሳብ እንዴት ይሰማ እንደነበር አስቡት።

ሌላ ሰው ቢሆን በሩን በርግዶ ገብቶ «ዝም በሉ!» ይላል። ልጆቹ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ያንን አዲስ አስተማሪ ማንም አይሰማውም። ጋሼ ያንን አላደረጉም። በሩን አንኳኩተው ቆመው ይጠብቃሉ። «ይግቡ» ስላቸው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው «መምህር፣ ይቅርታ፣ ጠመኔ ይኖርዎታል?» ይሉኛል። አንቱ ብለው ነው፣ ልጆቹ እየሰሙ! የልጃቸው እኩያ ነኝ እኮ። ክፍሉ ጸጥ ይላል። አንድ ጠመኔ ሰጥቻቸው አመስግነው ይወጣሉ። በሩ ከተዘጋ በኋላ ጸጥታው የኔ ሆኖ ይቀራል። ይሄ በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ጊዜ ሆኗል። የጋዋናቸው ኪስ ደግሞ ሁልጊዜ በጠመኔ ያበጠ ነበር፤ ከበሩ አጠገብ ስለምቆም ይታየኛል።

ያን ዓመት ሥራውን ልተወው አስቤ ነበር። አንድ ዘመዴ ሱቅ ውስጥ እንድገባ ቦታ ይዞልኝ ነበር። ጋሼ አላወቁም፣ ለማንም አልነገርኩም። የቀረሁት በአንድ ምክንያት ነው ብዬ አልዋሽም፣ ጠመኔዋ ግን አለችበት።

እንግዲህ የምጽፈው ነገር ተገኘ። መጻፉ ግን ሌላ ሥራ ነው። አንደኛ፣ ቦታው። ካርዱ ላይ የቀረልኝ ክፍት ቦታ አራት ጣት ስፋት፣ ሦስት ጣት ቁመት ነበር። አማርኛ ደግሞ ቦታ ይወስዳል። ፊደላችን ሰፊ ነው፣ ተቀጣጥሎ አይጻፍም፣ አንዱ ቃል ራሱ ዓረፍተ ነገር ያህላል። በኔ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ በአንድ መስመር አራት ቢበዛ አምስት ቃል ነው የሚገባው። ስድስት መስመር ብጠቀም ከሃያ አምስት ቃል ብዙም አልበልጥም። ስለዚህ በተበላሸ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ያንን የሚያህል አራት ማዕዘን ሠርቼ እዚያ ውስጥ መለማመድ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ሙከራ ታሪኩን በሙሉ ይዟል፤ ዲፕሎማው፣ ቺፑዱ፣ የመኪናው ጥሩንባ፣ ሱቁ። ከሳጥኑ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ያን ጊዜ ያየሁት ሌላ ችግር ደግሞ ከርዝመቱ ይብሳል። «እኔ» የሚለው ነገር በዝቷል። እኔ እንዲህ ነበርኩ፣ እኔ እንዲህ አስቤ ነበር። ካርዱ የጋሼ ነው፣ የኔ የሕይወት ታሪክ አይደለም። ለየት ብሎ ልጻፍ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚወድቅባት ጉድጓድ ይቺ ናት፤ ከድግግሞሽ ሲሸሽ ስለ ራሱ ይጽፋል።

በሁለተኛው ሙከራ የግሡን ባለቤት ሁሉ ወደ ጋሼ አዞርኩት። አንኳኩተው፣ ጠይቀው፣ አመስግነው ወጡ። ቺፑዱንና ዲፕሎማውን አወጣኋቸው፤ እሳቸው ያውቁታል፣ ማስረዳት አያስፈልግም። ይሄ የካርድ ትልቁ ጥቅም ነው። የምትጽፈው አብሮህ ለነበረ ሰው ስለሆነ ግማሹን ታሪክ እሱ ይዞታል። አንድ ነገር ብትነካለት ቀሪውን ራሱ ይሞላዋል። ሌላው አንባቢ ግን ጨርሶ ግራ እንዳይገባው አንድ ፍንጭ መኖር አለበት። «የመጀመሪያ ዓመቴ» የሚለውን ለዚያ ነው ያስቀረሁት።

መጨረሻ ላይ ካርዱ ላይ የሰፈረው ይሄ ነው፦

«ጋሼ፣ በመጀመሪያ ዓመቴ ክፍሌ ሲንጫጫ በሬን አንኳኩተው ጠመኔ ይጠይቁኝ ነበር። ኪስዎ በጠመኔ ሞልቶ። አሁን እኔ ነኝ አዲስ መምህር ክፍል ሄጄ ጠመኔ የምጠይቀው። ዕድሜ ይስጥልን።»

ቁጠሩት፣ ሃያ አራት ቃል ነው። «አመሰግናለሁ» የሚል ቃል የለበትም፣ ምስጋናው ግን ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ አለ። እውነት ነው ደግሞ፤ ዘንድሮ የመጣችው የእንግሊዝኛ መምህርት ክፍል ሁለት ጊዜ ጠመኔ ልለምን ሄጃለሁ።

ምርቃቱን ለምን አልተውኩትም? ሳስበው ነበር። «ዕድሜ ይስጥልን» ማለት ከሃያው ሰው ጋር መደገም ነው። ግን እንዳልኳችሁ ምርቃት እንደ አሜን ነው፣ አብሮ ይባላል። በኛ ባህል ታላቅን ሰው ሳይመርቁ መሸኘት ቀዝቃዛ ነው፤ አዲስ ሆኜ ብዬ ብተወው ጋሼ ባይሉም አጠገባቸው ያሉት «ይሄኛው ምነው?» ይላሉ። ብልሃቱ ምርቃቱን መሰረዝ ሳይሆን ቦታውን ማስያዝ ነው። መጀመሪያ ላይ ከመጣ አንባቢው «ይሄንንማ አንብቤዋለሁ» ብሎ ያልፋል። መጨረሻ ላይ፣ በሁለት ቃል ከመጣ ግን ከላይ ከተነገረው ነገር የወጣ ይመስላል።

ከመጻፌ በፊት ሌላም ነገር አየሁ። ካርድ በድብቅ የሚነበብ ነገር አይደለም። ሽኝቱ ላይ አንድ ሰው ተነስቶ ጮክ ብሎ ሊያነበው ይችላል፣ ከዚያ ቤት ሄዶ ልጆቻቸውም ያነቡታል። ስለዚህ «እኔ ብቻ የማውቀው» የተባለ ሁሉ አይጻፍም። አንዲት ባልደረባችን በቅንነት «ወር ሳይደርስ ሲቸግረኝ ብር ያበድሩኝ ነበር» ልትል ነበር። ሁለቱንም ፈተናዎች ያልፋል፣ እውነትም ነው። ግን ቤተሰብ ፊት ሲነበብ ጋሼ ለማን ስንት እንዳበደሩ ቤት ውስጥ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። ስንነጋገርበት «ፊቴን አይተው ሳልናገር የሚገባቸው ሰው ነበሩ» አለች። ያ ደግሞ ወደ ቅጽሉ ሳጥን ተመለሰ። ቆይታ ያገኘችው «ፊቴ ሲከፋ አጠገቤ መጥተው ዝም ብለው ደብተር ያርሙ ነበር» የሚለውን ነው። ያንን ስታነብልኝ እኔ ራሴ ትክዝ አልኩ። ብሩ የለም፣ ሰውየው ግን ሙሉ ለሙሉ አለ።

ስለ እስክሪብቶም አንዲት ቃል። የሚያብረቀርቅ ካርድ ተራ እስክሪብቶ አይቀበልም፣ ይቆራርጣል። ወፍራም ማርከር ደግሞ «ጠ»ን እና «ጨ»ን አንድ ያደርጋቸዋል። ቀጭን ማርከር ነው የሚሻለው፣ መጀመሪያ ካርዱ ጀርባ ጥግ ላይ ሞክሩት። ሲጽፉ ቆይተው ሳይደርቅ ካርዱን የሚያጥፉ ሰዎች አሉ፤ የኛ ካርድ ላይ የስፖርት መምህሩ ምርቃት ፊት ለፊቱ ባለው ገጽ ላይ ተገልብጦ ታትሟል። ያ ብቻ ነው በነፃ የተደገመው።

ሽኝቱ ቀን ዳቦ ተቆረሰ፣ ቡና ተፈላ፣ ጋቢ ለበሱ። ካርዱ ተነበበ። የኔ ጋ ሲደርስ አንባቢው ትንሽ ቆም አለ፣ ሰዉ ሳቀ። ጋሼም ሳቁና «ኧረ ያን ጊዜስ እውነት ጠመኔ አልቆብኝ ነበር!» አሉ። አላመንኳቸውም። አሁንም አላምናቸውም። ግን ክርክሩ ራሱ የሁለታችን ሆኖ ቀረ፤ «መልካም የጡረታ ዘመን» ብላቸው ኖሮ ምን ብለው ይከራከሩኛል?

«እኔስ ሰውየውን እምብዛም ባላውቀውስ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ለዚህ ከኛው ካርድ ላይ አንድ ምሳሌ አለ። ሥራ ከጀመረ ሁለት ወር ያልሞላው ልጅ የጻፈው ነው፤ «አብረን የሠራነው ሁለት ወር ነው። ማርክ ሊስት አሞላል ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት።» በቃ። ሁለት ወር እንደሆነ አልደበቀም፣ ትልቅ ፍቅር አላስመሰለም። ትንሽ ነገር ብቻ ካያችሁ ትንሿን ጻፉ። ማርክ ሊስት እሱ ብቻ ነው የጻፈው። ጭራሽ ምንም ያላየ ሰው ካለ ደግሞ ስሙንና የሥራ ክፍሉን አጥርቶ ቢጽፍ ይበቃል፤ ለማያውቁት ሰው «ሁሌም በልቤ ነዎት» ከማለት ጥርት ያለ ስም ይሻላል።

የመጀመሪያ ፈራሚ ከሆናችሁ ደግሞ ሸክሙ ሌላ ነው። ምንም ያልተጻፈበት ካርድ ላይ የሚደገም ነገር የለም፣ ግን እናንተ የጻፋችሁት ነው የሚደገመው። ከላይ ያለው ሰው ቅጽል ከጻፈ ታች ያለው ቅጽል ይጽፋል። ከላይ ያለው አንድ ያየውን ነገር ከጻፈ ግን ታች ያለው «እኔስ ምን አይቻለሁ?» ብሎ ያስባል። አይቼዋለሁ፤ ጠመኔዋ ከተጻፈች በኋላ ከፈረሙት አሥራ አንድ ሰዎች ውስጥ አምስቱ አንድ አንድ ነገር ይዘው መጥተዋል። ኩረጃ ነው እሱም፣ ግን እንዲህ ያለውን ኩረጃ ዜሮ አልሰጠውም።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ካርድ ወጥቷል። የበር ጥበቃችን ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል። እስካሁን አራት ሰው ፈርሟል፣ አራቱም «በሄድክበት ይቅናህ» ብለዋል። እኔ ጠዋት ጠዋት በሩ አጠገብ ተረኛ ሆኜ ስለምቆም አንድ ነገር አይቻለሁ። ከትምህርት በፊት ሸቀጥ የሚያወርዱ ልጆች አሉን፣ ላብ በላብ ሆነው የሚሮጡ። ደወል ተደውሎ በሩ መዘጋት ሲኖርበት ይሄ ሰው ቁልፉን ይጥለዋል። ጎንበስ ብሎ ይፈልገዋል። ልጆቹ ገብተው እስኪያልቁ ድረስ አያገኘውም።

ይሄ ግን ጮክ ተብሎ ሊነበብ ነው፣ ርዕሰ መምህሩም እዚያው ተቀምጠው ይሰማሉ። ሰውየው ደግሞ የሚሄደው ወደ ሌላ በር ነው። እንዴት አድርጌ ልበለው? ወረቀቱ ላይ አራት ማዕዘኑን ሠርቻለሁ፣ እስካሁን የጻፍኩት «ቁልፍህ እንዳይጠፋ» የሚለውን ብቻ ነው። እሱ ይገባዋል። ምናልባት ይሄው ይበቃ ይሆናል።